ጀበናውን «ማሰሮ» ለሚል መሣሪያ፦ ለድረ ገጽ ፎቶ አጭር አማራጭ ጽሑፍ ማጻፍ

ጥያቄ፦ «የሸክላና የቡና ዕቃ የምንሸጥበት ትንሽ የአማርኛ ድረ ገጽ አለን፤ የተሰራው በዎርድፕረስ ነው። 140 ያህል ፎቶዎች አማራጭ ጽሑፍ የላቸውም። ፎቶውን ለኤአይ ስሰጠው አራት መስመር ይጽፍልኛል፤ ጀበናውን ደግሞ አንዴ ማሰሮ፣ አንዴ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይለዋል። አጭርና ትክክል እንዲሆን ምን ብዬ ልዘዘው? ስንት ፊደልስ ይበቃል?»

ምላሽ፦

አራት መስመር የሚመጣብዎት ፎቶውን ብቻ ስለሰጡት ነው። መሣሪያው ፎቶውን ያያል፤ ፎቶው የሚወጣበትን ገጽ ግን አያይም። ገዢው እዚያ ገጽ ላይ ምን ሊያደርግ እንደመጣ፣ ከፎቶው ሥር ምን እንደተጻፈ፣ ፎቶው ሲነካ ወዴት እንደሚወስድ አያውቅም። ስለዚህ የቱ ነገር እንደሚያስፈልግ መምረጥ ያቅተውና ያየውን ሁሉ ይዘረግፋል። የአማራጭ ጽሑፍ ጥያቄ «ፎቶው ላይ ምን አለ?» አይደለም። «ይህ ፎቶ ከዚህ ቦታ ቢነሳ አንባቢው ምን ይጎድለዋል?» ነው። ይህን የሚያውቁት እርስዎ ስለሆኑ ከማዘዝዎ በፊት መንገር አለብዎት።

ጽሑፉ የሚነበበው እንዴት እንደሆነ ቢያስቡት ርዝመቱ ለምን እንደሚያስቸግር ግልጽ ይሆናል። ማየት የተሳነው ገዢ ስክሪን ሪደር ይጠቀማል። ፕሮግራሙ ገጹን ከላይ ወደ ታች እያነበበ ፎቶ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ፎቶ መሆኑን ይናገራል፤ ከዚያ alt በሚባለው የአማራጭ ጽሑፍ ቦታ ውስጥ ያለውን ያነባል። የሚያይ ሰው ረጅም አንቀጽን በዓይኑ ዘሎ ያልፋል። የሚያዳምጥ ሰው ግን የሚፈልገው ነገር መሃል ላይ ይኑር አይኑር ሳይሰማ አያውቅም። ሃያ ዕቃ በተዘረዘረበት ገጽ ላይ በየዕቃው አራት መስመር መስማት ገዢውን ገጹን አስዘግቶ ያስወጣዋል። በነገራችን ላይ ኔትወርክ ደክሞ ፎቶው ሳይከፈት ሲቀር በቦታው የሚታየውም ይኸው ጽሑፍ ነው።

አንድ ፎቶ፣ ሦስት ጽሑፍ

ምሳሌ እንያዝ። ፎቶው ላይ ክብ የሣር ማስቀመጫ ላይ የተቀመጠ ጥቁር የሸክላ ጀበና አለ። ጀበናው በጎኑ መቅጃ አፍ አለው፤ አንገቱ ላይ የሣር ክዳን አለ። በግራው ረከቦት አለ፤ ረከቦቱ ላይ አራት ሲኒዎች ተደርድረዋል።

ይህ ፎቶ በጀበናው መሸጫ ገጽ ላይ ሲወጣ ገዢው ማወቅ የሚፈልገው የሚገዛውን ዕቃ ነው። ቀለሙ ምን ዓይነት ነው? መቅጃ አፉ ለብቻው የወጣ ነው ወይስ በአንገቱ የሚቀዳ? ክዳኑ አብሮ አለ? እዚህ ላይ ሲኒዎቹ ለፎቶ ማድመቂያ የቀረቡ እንጂ የሚሸጡ ካልሆኑ መጥቀሱ ጉዳት አለው፤ ገዢው አብረው የሚላኩ ሊመስለው ይችላል። ያው ፎቶ «የቡና ዕቃ አቀራረብ» በሚል ጽሑፍ ውስጥ ቢገባ ደግሞ የጀበናው ቀለም ዋጋ የለውም፤ የሚፈለገው ምን ከምን አጠገብ እንደተቀመጠ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተነክቶ ወደ ዕቃዎቹ ዝርዝር የሚወስድ ፎቶ ከሆነ ግን መልኩን መግለጽ ጭራሽ አያስፈልግም፤ ወዴት እንደሚወስድ ብቻ ይጻፋል።

```html
<img src="jebena-03.jpg" alt="ጥቁር የሸክላ ጀበና ከነሣር ክዳኑ፣ በጎኑ መቅጃ አፍ ያለው">

<img src="jebena-03.jpg" alt="ጀበናው ከረከቦቱ በስተቀኝ ክብ የሣር ማስቀመጫ ላይ ተቀምጦ፤ አራት ሲኒዎች ረከቦቱ ላይ ተደርድረው">

<a href="/buna-eqa"><img src="jebena-03.jpg" alt="የቡና ዕቃዎች"></a>
```

አራተኛም ሁኔታ አለ። ፎቶው ሥር «ጥቁር የሸክላ ጀበና ከነክዳኑ፣ መቅጃ አፍ ያለው» የሚል ጽሑፍ ገጹ ላይ ካለ፣ ወይም ፎቶው ለጌጥ ብቻ የገባ የቀጤማ ምስል ከሆነ፣ `alt=""` ብለው ባዶውን ይተዉታል። ስክሪን ሪደሩ ዘሎት ያልፋል። ባዶ መተውና alt የሚለውን ጨርሶ አለመጻፍ ግን አንድ አይደሉም። ጨርሶ ከሌለ አንዳንድ ስክሪን ሪደሮች የፋይሉን ስም ያነባሉ፤ ገዢው ጀበና መሆኑን ሳይሆን የካሜራ ቁጥር ይሰማል።

ስለዚህ 140ውን ፎቶ ለመሣሪያው ከመስጠትዎ በፊት ለጌጥ የገቡትንና አገናኝ የሆኑትን ለይተው ያውጡ። ለእነዚህ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የመጀመሪያዎቹ ባዶ ይሆናሉ፣ የሁለተኛዎቹን በሁለትና ሦስት ቃል ራስዎ ይጨርሱታል።

ትዕዛዙ

ለቀሩት ከፎቶው ጋር አራት ነገር ይንገሩት፦ ገጹ ምን እንደሆነ፣ ገጹ ላይ አስቀድሞ ምን እንደተጻፈ፣ የዕቃውን ትክክለኛ ስም፣ የርዝመቱን ገደብ። ለጀበናው መሸጫ ገጽ እንዲህ ቢሉት ይበቃል፦

```text
ይህ ፎቶ የቡና ዕቃ በሚሸጥበት ድረ ገጽ፣ በአንድ ጀበና መሸጫ ገጽ ላይ ይወጣል።
ዕቃው ጀበና ነው፤ አጠገቡ ያለው ረከቦት ነው፤ የሚሸጠው ጀበናው ብቻ ነው።
ዋጋውና ቁመቱ ገጹ ላይ ስላለ አትድገመው።
ማየት ለተሳነው ገዢ ስለ ጀበናው የሚታየውን ከ15 ቃል ባልበለጠ ጻፍ።
የዕቃው ስም ቀድሞ ይምጣ። «ምስል»፣ «ፎቶ»፣ «ያሳያል» አትበል።
ውበቱን አታድንቅ። እርግጠኛ ያልሆንክበትን ከጽሑፉ ውጭ ለብቻው ዘርዝር።
```

ስሙን መንገር «ማሰሮ» እና «ማንቆርቆሪያ» የሚሉትን ያስቀራል። መሣሪያዎቹ የሚማሩበት ጽሑፍና ምስል ውስጥ ጀበና፣ ረከቦት፣ ሞሰብ፣ አክንባሎ የሚሉት ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ ወደሚቀርባቸው ዕቃ ይወስዱታል። እንጀራው ቂጣ ይሆናል፣ ሞሰቡ ቅርጫት፣ ነጠላው ሻርፕ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስሙን እንጂ ቁጥሩንና ሁኔታውን አይንገሩት። «አራት ሲኒ አለ» ካሉት ራሱ ሳይቆጥር እርስዎ ያሉትን መልሶ ይነግርዎታል፤ ተሳስተው ቢሆን እንኳ አያርምዎትም። መጀመሪያ እሱ ይበል፤ እርስዎ ከፎቶው ጋር ያመሳክሩ።

«ምስል» እና «ፎቶ» የሚሉት የተከለከሉት ስክሪን ሪደሩ ራሱ አስቀድሞ ስለሚናገራቸው ነው። «ምስል፦ ይህ ምስል የሚያሳየው…» ተብሎ ሲነበብ አንድ ነገር ሁለቴ ይሰማል።

ረቂቁን ማጣራት

ያለ ማብራሪያ ሲጠየቅ የሚመጣው ረቂቅ ብዙ ጊዜ የሚከተለውን ይመስላል፦

«ይህ ምስል በትንሽ የእንጨት ጠረጴዛ አጠገብ የተቀመጠ፣ የኢትዮጵያን የበለጸገ የቡና ባህል የሚያንጸባርቅ፣ በእጅ የተሰራ ውብ ጥቁር የሸክላ ማሰሮ ያሳያል። ጠረጴዛው ላይ አምስት ትናንሽ ነጭ ኩባያዎች ያሉ ሲሆን፣ ከማሰሮው አፍ እንፋሎት ሲወጣ ይታያል።»

የስሙ ስህተት በቀላሉ ይታያል፤ ረከቦቱም ጠረጴዛ ሆኗል። የሚያታልለው ሌላው ነው። ሲኒዎቹ አራት ሆነው ሳለ አምስት ብሏል፤ ዕቃዎች ሲደራረቡ ወይም አንዱ ሌላውን ሲጋርድ እነዚህ መሣሪያዎች ቆጠራ ይሳሳታሉ። ፎቶው ላይ የሌለ እንፋሎት ጨምሯል፤ የቡና ፎቶ ላይ ብዙ ጊዜ እንፋሎት ስለሚኖር «መኖር አለበት» ብሎ የሞላው ነው። በቡና ሥነ ሥርዓት ፎቶ ላይ ደግሞ እጣኑንና ፈንድሻውን በዚሁ መንገድ ይጨምራል። «በእጅ የተሰራ» የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ከፎቶው አይታይም፤ ለገዢ ሲጻፍ ደግሞ ቃል መግባት ነው። «ውብ» እና «የበለጸገ ባህል» የማስታወቂያ ቃል ናቸው፤ ገጹ ላይ ሌላ ቦታ ይግቡ።

ማጣሪያው ቀላል ነው። ረቂቁን ቃል በቃል እያነበቡ በየቃሉ ላይ ጣትዎን ፎቶው ላይ ማሳረፍ ይሞክሩ። «ጥቁር» ሲል ያሳርፋሉ፤ «መቅጃ አፍ» ሲል ያሳርፋሉ፤ «ባህል» ሲል ጣትዎ የሚያርፍበት ያጣል። ማረፊያ ያጣው ይወጣል። ከቀረው ውስጥ ደግሞ ለዚህ ገጽ የማይጠቅመው ይወጣል። ከላይ ካለው ረቂቅ የሚተርፈው «ጥቁር የሸክላ» የሚለው ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ገዢው የሚፈልገው መቅጃ አፍና ክዳን ጨርሶ አልተጠቀሰም። ትዕዛዙ ውስጥ ገጹን መናገር የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ስንት ፊደል?

125 የሚል ቁጥር በየቦታው ያገኛሉ። ከቆየ ልማድ የመጣ ነው እንጂ WCAG በሚባለው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ውስጥ የለም። መመሪያው ቁጥር 1.1.1 ላይ የሚጠይቀው ጽሑፉ የምስሉን ተግባር እንዲተካ ነው፤ ርዝመት አይወስንም።

ለአማርኛ ደግሞ ቁጥሩ ያሳስታል። «ጀበና» በፊደላችን ሦስት ነው፤ በላቲን ሲጻፍ ስድስት ይሆናል። አንዱ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚይዝ 125 የአማርኛ ፊደል ሲነበብ ከ125 የላቲን ፊደል በጣም ይረዝማል። ስለዚህ መሣሪያውን በፊደል ሳይሆን በቃል ይገድቡት። ለዕቃ ፎቶ ከ8 እስከ 15 ቃል በቂ ነው። ፊደል እንዲቆጥር ቢያዙት በትክክል አይቆጥርም፤ «120 ፊደል ነው» ብሎ 160 ሊሰጥዎት ይችላል።

ከርዝመቱ በላይ የሚያስቸግረው የአማርኛው አወቃቀር ነው። በእኛ ቋንቋ ገላጩ ሁሉ ከስሙ በፊት ይመጣል። መሣሪያው «በቀጤማ በተጎዘጎዘ ወለል ላይ በዱካ ተቀምጣ፣ ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ከጀበና ወደ ሲኒ ቡና የምትቀዳ ሴት» ብሎ ሲጽፍ ሰዋስዉ አልተሳሳተም፤ ነገር ግን አድማጩ ስለማን እንደሚወራ የሚያውቀው በመጨረሻው ቃል ነው። በዓይን ሲነበብ ያን ያህል አይከብድም፤ በጆሮ ግን ሁሉንም ተሸክሞ መጠበቅ ነው። ዞር ያድርጉት፦ «አንዲት ሴት ከጀበና ወደ ሲኒ ቡና ስትቀዳ»። ሴትዮዋ ቀድማ መጣች፣ ድርጊቱ ተከተለ፣ ቀጤማውና ቀሚሱ ካላስፈለጉ ቀሩ። ትዕዛዙ ላይ «‹የምትቀዳ ሴት› ሳይሆን ‹ሴት ስትቀዳ› በሚል መልክ ጻፍ» ብሎ ምሳሌ መስጠት ሕግ ከማብራራት የተሻለ ይሠራል። አማርኛው አሁንም የትርጉም ሽታ ካለው መሣሪያው የሚታየውን በዝርዝር ብቻ እንዲሰጥዎት ያድርጉና ዓረፍተ ነገሩን ራስዎ ይጻፉት፤ አሥር ቃል ነው።

ጽሑፍ ያለባቸው ፎቶዎች

የበዓል ቅናሽ ማስታወቂያ ምስሎች ካሉዎት ለመሣሪያው አይተዉአቸው። ምስሉ ላይ የተጻፈው ነገር በሙሉ alt ውስጥ መግባት አለበት፤ የግዕዝ ፊደል ንባብ ደግሞ የእነዚህ መሣሪያዎች ደካማ ጎን ነው። በተለይ በጌጥ ፊደል ሲጻፍ ቅጥያው ትንሽ የሆነውን ያምታታሉ፤ «ለ» እና «ሉ»፣ «ረ» እና «ሪ» ይለዋወጣሉ። አደገኛው ስህተቱ የተሰባበረ ሆኖ አለመምጣቱ ነው። ያልተነበበውን ግምት ሞልቶ ለስላሳ ዓረፍተ ነገር ይሰጥዎታል፤ የቅናሹ መቶኛ ወይም ስልክ ቁጥሩ የተቀየረ መሆኑ ሳይታወቅ ያልፋል። ምስሉን የሰራው ሰው ዘንድ ጽሑፉ አለ፤ ከዚያ ይገልብጡ።

ሰው ያለባቸው ፎቶዎች

ሸክላ የምትሠራው ባለሙያ ፎቶ ገጹ ላይ ካለና ገጹ ስለእሷ ከሆነ ስሟን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ በፈቃዷ ስሟን ይጻፉ። መሣሪያው ስሟን ስለማያውቅ በምትኩ ዕድሜዋን፣ ብሔሯን፣ ስሜቷን ይገምታል፤ «በኩራት ፈገግ ያለች አፍሪካዊት አዛውንት» ይላል። ይህ ሁሉ ይውጣና እጇ የሚሠራው ይግባ፦ «ሸክላ ሠሪዋ የጀበናውን አንገት በእርጥብ እጇ ስታለሰልስ»።

ፎቶውን ከመላክዎ በፊት ሁለት ነገር ይመልከቱ። በስልክ የተነሳ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ በውስጡ ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ከስክሪኑ ላይ ስክሪንሾት አንስተው እሱን ቢልኩ ይህ መረጃ አብሮ አይሄድም። ሁለተኛው፣ ብዙዎቹ መሣሪያዎች የተላከላቸውን ለሥልጠና መጠቀም አለመጠቀማቸውን የሚወስኑበት ማብሪያ ማጥፊያ ሴቲንጋቸው ውስጥ አለ፤ ያጥፉት። የደንበኞችና የልጆች ፎቶ ከሆነ ግን አለመላክ ይሻላል። ድረ ገጹ ላይ በይፋ የወጣ የጀበና ፎቶ ግን ምስጢር የለውም።

ማስገባትና መፈተሽ

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ይላኩ። አሥር ባንዴ ከላኩ የአንዱ መግለጫ ለሌላው ሊሰጥ ይችላል። በአንድ ውይይት ውስጥ ብዙ ከቆዩም የቀደመው ፎቶ ዝርዝር ወደ አዲሱ ይሾልካል፤ ክዳን የሌለው ጀበና ላይ «ከነክዳኑ» ሲል ካዩ ምክንያቱ ይኸው ነው። አዲስ ውይይት ይክፈቱና ትዕዛዙን ደግመው ይለጥፉ። የሚወጣውን ከፋይሉ ስምና ከገጹ ጋር በሦስት ዓምድ ሰንጠረዥ ላይ ያስቀምጡት።

በዎርድፕረስ ላይ የሚሞላው `Alternative Text` የሚለው ሳጥን ነው፤ `Title`፣ `Caption` እና `Description` የሚሉት ሌላ ናቸው። ብዙዎችን የሚያደናግረው ግን ሌላ ነው። በሚዲያ ማከማቻው ውስጥ የጻፉት ወደፊት ለሚያስገቡት ፎቶ ያገለግላል እንጂ ቀድሞ ጽሑፍ ውስጥ የገባውን ፎቶ አይለውጥም። የቆዩ ገጾችን እየከፈቱ ፎቶው ላይ ተጭነው እዚያው መጻፍ ይኖርብዎታል። ከመሣሪያው ሲገለብጡ ዙሪያውን ያለውን ትምህርተ ጥቅስ አብረው አይውሰዱ፤ ኮዱን በእጅ የሚጽፉ ከሆነ ደግሞ ቀጥ ያለው `"` ጽሑፉ መሃል ከገባ alt እዚያው ይቆረጣል። በአማርኛው « » ይተኩት።

የገጹ ቋንቋም መታወጅ አለበት። ብዙ የዎርድፕረስ ገጽ ጽሑፉ አማርኛ ሆኖ ቋንቋው እንግሊዝኛ ተብሎ የተቀመጠ ነው። በዚያ ጊዜ ስክሪን ሪደሩ በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊያነበው ይሞክራል፤ ፊደላቱን ሊዘላቸው ወይም አበላሽቶ ሊያነባቸው ይችላል። ገጹ ሁሉ አማርኛ ከሆነ የመጀመሪያው መስመር፣ ገጹ እንግሊዝኛ ሆኖ ጽሑፉ ብቻ አማርኛ ከሆነ ሁለተኛው ይሠራል፦

```html
<html lang="am">

<img lang="am" src="jebena-03.jpg" alt="ጥቁር የሸክላ ጀበና ከነሣር ክዳኑ፣ በጎኑ መቅጃ አፍ ያለው">
```

ለመፈተሽ NVDA የሚባለውን ነጻ ስክሪን ሪደር ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ይጫኑ። አብሮት የሚመጣው eSpeak NG የተባለው ድምፅ አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ የማሽን ቢሆንም ለዚህ ሥራ ይበቃል። ገጹን ከፍተው G ን ሲጫኑ ከፎቶ ወደ ፎቶ ይዘላል፤ ባዶ የተዉአቸው ላይ አይቆምም። ስክሪኑን አጥፍተው አምስት የጀበና ፎቶ በተከታታይ ያዳምጡ። አንዱን ጀበና ከሌላው መለየት ካቃተዎት የሚለያቸው ነገር ጽሑፉ ውስጥ አልገባም፤ አምስቱም «ጥቁር የሸክላ ጀበና» ብቻ ከሆኑ ተመልሰው መቅጃ አፉን፣ ክዳኑን ወይም ሆዱ ላይ ያለውን ቅርጽ ይጨምሩ።